ያለፈው ፍቅር በሦስተኛው ቡና ላይ ይነገር? (ክርክር)

ጠያቂዋ፦ «የካ አባዶ ነው የምኖረው። ከአንድ ልጅ ጋር ከተዋወቅን ወር አልሞላንም፤ ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥተናል። ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው ጋር ሁለት ዓመት አብሬ ኖሬ ተለያይተናል። አልተጋባንም፣ ልጅም የለንም። ምን ያህሉን ልንገረው? መቼስ?»

ሙሉጌታ፦ ዛሬውኑ ንገሪው፤ አንድም ሳታስቀሪ! እኔ ሽማግሌ ልኬ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የድንኳን ቀብድ ከፍዬ ነው ከቀድሞ ባሏ ጋር ገና በሕግ እንዳልተፋታች የሰማሁት። እሱንም የነገረኝ የሰፈር ተራ አስከባሪ ነው። የሚያሳፍር ነገር የሌለው ሰው ምን ይደብቃል?

ሰናይት፦ በደረሰብዎ አዝናለሁ፣ አቶ ሙሉጌታ። ግን እርስዎ የተደበቀብዎ ያላለቀ ጋብቻ ነው እንጂ ያለፈ ፍቅር አይደለም። ልጅ ካለ፣ ያልፈረሰ ጋብቻ ካለ፣ በሁለት ስም የተያዘ ቤት ካለ ሰውየው ልቡን ሳይጥል መስማት አለበት። በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ካለም አብሮ ከመተኛት በፊት ይነገራል፤ ሽማግሌ እስኪላክ አይጠበቅም። እሷ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልጻፈችም። ለእሷ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፦ «ከአንድ ሰው ጋር አብሬ ኖሬያለሁ፤ አልቋል፤ በመካከላችን የቀረ ነገር የለም። ሌላውን ስንቀራረብ እነግርሃለሁ።»

ሙሉጌታ፦ «ስንቀራረብ እነግርሃለሁ»! እውነት ዕቁብ ነው እንዴ፣ ዕጣው ሲደርሰው የሚበላ? ደግሞስ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በሕግ የንብረት ተካፋይ ነው። ነገ መጥቶ ግማሹን ቢልስ?

ሰናይት፦ ሕጉን ካነሱት በደንብ ያንሱት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 213/1992፣ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ ነው። ልጅቷ ሁለት ብላለች።

ሙሉጌታ፦ እሺ ጠበቃዋ፣ ሕጉ ላንቺ ይሁን። እኔ «ስንቀራረብ» የምትለዋን ነው የያዝኩት። መቀራረቡን የሚለካው ማነው? እሷው አይደለችም?

ሰናይት፦ አዎ፣ እሷው ናት። ታሪኩ የእሷ ነዋ! ግማሹ ደግሞ የዚያ ሰውዬ ነው፤ የእሱን ዕዳ፣ የእሱን መጠጥ፣ አልጋ ላይ የሆነውን ለሦስተኛ ሰው የማውራት መብት ማን ሰጣት? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሁለተኛው ቀጠሮ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ስም፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የተጣሉበትን ሌሊት ሳይቀር ለአዲሱ ልጅ ዘርግፋ ነገረችው። ያን ቀን ቀለላት። ልጁ ግን ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ፈልጎ አገኘው። ከዚያ «እሱ ይሻል ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች መጡ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የተገናኙ ዕለት ደግሞ፣ ያው ኮንዶሚኒየም አይደል፣ ልጁ ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ። የበዛ ወሬ በዚህ ይታወቃል፤ የተናገረው ሰው ሸክሙ ሲቀልለው የሰማው ይከብደዋል፣ ጥያቄውም ስለ እሷ መሆኑ ቀርቶ ስለዚያኛው ሰው ይሆናል።

ሙሉጌታ፦ ያ የልጁ ቅናት ነው፤ እውነቱ ምን አጠፋ? አሁን ልጠይቅሽ። ፊት ለፊት «ለምን ተለያያችሁ?» ቢላትስ?

ሰናይት፦ አትዋሽም። «አሁን ልነግርህ አልፈልግም» ትላለች።

ሙሉጌታ፦ እንዲህ የተባለ ወንድ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ ይመስልሻል? ያልተነገረውን በራሱ ይሞላዋል፤ ከእውነቱ አሥር እጥፍ አክፍቶ!

ሰናይት፦ እርስዎስ? ለዚያች ሴት ስለ ራስዎ ያለፈ ነገር ምን ምን ነገሯት?

ሙሉጌታ፦ እኔ አልተጠየቅኩም።

ሰናይት፦ አልተጠየቁም! ሴት ስትሆን ሳትጠየቅ «ዛሬውኑ፣ አንድም ሳታስቀሪ»፤ እርስዎ ሲሆኑ ጥያቄ ይጠበቃል።

ሙሉጌታ፦ እህቴ፣ እኔ የተጎዳሁ ሰው ነኝ። እዚህ የመጣሁት ልትመረምሪኝ አይደለም።

ሰናይት፦ ጥያቄዬን መለሱልኝ።

ጠያቂዋ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። የቤቱ ኪራይ ውል እስካሁን በሁለታችን ስም ነው፤ አንድ ቁልፍም እሱ ጋ አለ። አከራይዋ ውል ስናድስ ይስተካከላል ስላለችኝ ተውኩት።

ሙሉጌታ፦ አላልኩም?

ሰናይት፦ እንግዲያው «የቀረ ነገር የለም» የሚለውን እንዳትይው፤ ውሸት ይሆናል። አከራይዋን ዛሬ አነጋግሪና ውሉ በስምሽ ብቻ ይጻፍ፣ የበሩንም ቁልፍ አስቀይሪ። ያ እስኪያልቅ ከተገናኛችሁ ግን ውሉን ንገሪው።

ሙሉጌታ፦ ለምን እንደተለያዩስ?

ሰናይት፦ እሱን ተውት፣ አቶ ሙሉጌታ።

ሙሉጌታ፦ አልተውም።