«ጠዋት ማታ» ብሎ መድኃኒት አስይዞ መሸኘት ይብቃ!

እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ትንፋሹ ይቆጠራል፣ ደረቱ ይታያል፣ ሳንባ ምች ነው ይባላል። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ባለ 250 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን 20 ፍሬ ተቆጥሮ ይሰጣታል። «ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ጠዋት ማታ፣ ለ5 ቀን።» አለቀ፣ ቀጣይ! ሕፃን መድኃኒት እንደሚያስመልስ የማያውቅ ባለሙያ የለም። ታዲያ ሲያስመልስ ምን ታድርግ? ይህን የሚነግራት ጠፋ። ልጁ ሳይሻለው ተመልሳ ስትመጣ ግን «በአግባቡ ስላልሰጠሽው ነው» ተብላ የምትቆጣው እሷው ናት። ያናድዳል!

መስኮቱ ላይ ያልተነገራትን ጎረቤት ይነግራታል። አንዷ «ምንም አልቀረለትም፣ ማታ እጥፍ አድርገሽ ስጪው» ትላለች። ሌላዋ «አልተስማማውም፣ ተዪው» ትላለች። ሁለቱም በቅንነት ነው፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ስለዚህ ከደጀን እስከ ቡሬ እናቶችና አያቶች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ልመልስ። የምናገረው በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሰጠው አሞክሲሲሊን ነው። ልጁ 2 ወር ያልሞላው ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉት፤ ካስመለሰም፣ መድኃኒቱ ከተዘለለም በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

«ከዋጠ በኋላ አስመለሰው፤ ልድገምለት?»

መልሱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ያንኑ መጠን ይድገሙለት። ሁለት ፍሬ ከነበረ ሁለት ፍሬ፣ አንድ ከነበረ አንድ። ግማሽ ሰዓት ካለፈው አይድገሙ፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ይስጡት። ትውከቱ ነጭ ስለሆነ ወይም የመድኃኒቱ ሽታ ስላለው «ሁሉም ወጣ» ማለት አይቻልም። በዓይን ተገምቶ «ግማሹ ወጥቷልና ግማሽ ልጨምር» የሚባለውም አይሠራም። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ሲሰጥ የስልኩን ሰዓት ማየት የሚያስፈልገው። በከንፈሩ ዳር ጥቂት ጠብታ ስለፈሰሰ ብቻም አይደገምም።

ሲደገም ደግሞ ልጁ ገና እያቅለሸለሸው በላዩ ላይ አይጨመርም፤ ያንንም ይመልሰዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ ጡት የሚጠባ ከሆነ ትንሽ ይጥባ። ይህ ኪኒን በውኃ የሚሟማ ነው፤ በንጹሕ ማንኪያ ላይ በትንሽ ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ሟሙቶ ወዲያው ይሰጣል። ውኃው ሲበዛ ልጁ አይጨርሰውም፣ ሥሩ ላይ የቀረው መድኃኒት ይደፋል። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ማንኪያው በጉንጩ በኩል ይግባ፣ የመጀመሪያውን ሲውጥ ሁለተኛው ይከተል። አፍንጫ ይዞ፣ አንጋሎ ማንቆርቆር ይቅር! ሳንባው የታመመ ልጅ በሳልና በለቅሶ መሐል ሲጋት ወይ ትን ይለዋል ወይ ያስመልሰዋል። ብዙ ጊዜ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» የሚባለው አሰጣጡ ነው።

የተደገመውንም ካስመለሰው ሦስተኛ አይሰጥም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ወይም መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ጡቱንም፣ ውኃውንም፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ መጥባትና መጠጣት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ያለ ልጅ ግን ሌሊትም ቢሆን አይታደርበትም። እየተነፈሰ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንዲሁ።

አሁን ደግሞ ዋናው ብሶቴ። እናትየው ትክክለኛውን አደረገች፣ በ2ኛው ቀን ደገመችለት እንበል። 20 ፍሬ ለ10 ጊዜ ነው፤ አንዱ ተደገመ፣ ስለዚህ ለ5ኛው ቀን ማታ የሚሰጥ የለም! ልክ በልክ ቆጥሮ የሰጣት ሰው «ከደገምሽ ነይና የጎደለውን ውሰጂ» ቢላት ምን ነበረበት? እናቶች ሆይ፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ጤና ኬላ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «በዚህ ቀን አስመልሶ ደግሜለታለሁ» በሉ። 5ኛው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። ከጎረቤት ቤት የተረፈ ኪኒን ግን አትዋሱ፤ መልኩ ቢመሳሰልም መድኃኒቱም መጠኑም ሌላ ሊሆን ይችላል።

«ረሳሁት፤ ምን ላድርግ?»

ቅዳሜ ገበያ ነው። እናት በሌሊት ወጥታለች፣ ልጁ ከአያቱ ጋር ቀርቷል፣ የ1 ዓመት ከ6 ወር ልጅ ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት ጠዋት 1 እና ማታ 1 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ለማስታወስ ይቀላል። የጠዋቱ ተረሳ። በሁለቱ መካከል 12 ሰዓት አለ፣ እኩሌታው ቀን 7 ሰዓት ላይ ይውላል። አያት 5 ሰዓት ላይ ትዝ ካላቸው ሁለቱን ፍሬ ያኔውኑ ይስጡት፤ የማታው በ1 ሰዓቱ ይቀጥላል። እናት ከገበያ ተመልሳ ነገሩ የታወቀው 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ግን የጠዋቱ ይለፍ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ የተለመደው ሁለት ፍሬ ብቻ ይሰጣል። አራት ፍሬ አይሰጥም! ያመለጠውን አንድ ላይ ደርቦ መስጠት የልጁን ሆድ ይረብሻል፣ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፣ ትውከቱም የሌላውን ሰዓት መድኃኒት ይዞ ይወጣል። የተዘለለው ሁለት ፍሬ የትም አይሄድም፤ በ6ኛው ቀን ጠዋት ይሰጥና 10ሩ ይሞላል።

እናትና አያት ሳይነጋገሩ ሁለቱም የሚሰጡበት ቀንም አለ፤ ይህ ከመርሳት ባልተናነሰ ያጋጥማል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ጭረት ይደረግ፤ ማንበብ የማይችሉ አያትም ጭረት ይቆጥራሉ። ሁለቴ ተሰጥቶ ከተገኘ ቀጣዩን በሰዓቱ መስጠትና ልጁን መከታተል ነው። አንድ ጊዜ በመደረቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሆድ መረበሽ ያለፈ ነገር አይመጣም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ባለሙያ ይጠየቅ። ቀን ሙሉ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተዘለለም ዝም ብሎ መቀጠል ሳይሆን ልጁን ማሳየት ነው። ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ከታፈነ ደግሞ ቀጣዩ አይሰጥም፤ ይዞ መሮጥ ነው።

እናንተ መስኮቱ ላይ የቆማችሁ ባልደረቦቼ፣ ሰልፉን አውቃለሁ፣ ጥበቱንም አውቃለሁ። ግን ይህ ሁሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ድገሚለት። ከረሳሽና ከእኩሌታው ካለፈ ዝለዪው፣ አትደርቢ። ከደገምሽ የጎደለውን መጥተሽ ውሰጂ።» ከዚያ «እስቲ ካስመለሰ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት። ካልመለሰችው አልነገራችኋትም ማለት ነውና ድገሙላት።