ለአንድ ሲቪ የታመኑት

እስቲ ዛሬ እነሱንም እናመስግን። በተመረቁ ማግስት የጻፉትን ሲቪ አንዲት ነጥብ ሳይነኩ ለሒሳብ ሠራተኛውም፣ ለሽያጩም፣ ለመጋዘኑም እኩል የሚልኩትን ማለቴ ነው። ትዳር እንኳ እንዲህ አይታመንለትም።

እኔ በምሠራበት ቤት ሲቪ ማጣራት እኔ ላይ ከተጣለ ሰነባብቷል። በቅርቡ ለጀማሪ አካውንታንት ማስታወቂያ አወጣን። አጭር ናት። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ 2 ዓመት ገደማ ልምድ፣ ባንክ ሪኮንስሌሽን፣ ወርሃዊ የቫት ዲክላሬሽን፣ ፔይሮል፣ ኤክሴል፣ ፒችትሪ። መጨረሻዋ ላይ «አይኤፍአርኤስ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል» ትላለች። በቃ ይቺው ናት።

በነጋታው ኢሜይሉ ሞላ። የመጀመሪያው ጀግናችን ፋይሉን CV_final_final2.pdf ብሎታል። ከላይ ጉርድ ፎቶ፣ ቀጥሎ የጋብቻ ሁኔታ፣ ከዚያ «ዓላማዬ ፈታኝ በሆነ የሥራ አካባቢ ራሴን ማሳደግ ነው» የምትለው የሁላችንም መዝሙር። የሥራ ልምድ ላይ ስደርስ ደግሞ «የተለያዩ የፋይናንስ ሥራዎችን ሠርቻለሁ» ይላል። ትሕትናውን አያችሁልኝ? የ3 ዓመት ሥራውን በአንድ መስመር ቀብሮ ግምቱን ለእኛ ተወልን። ምናልባት በየወሩ ከባንክ ጋር ሲያስታርቅ ኖሯል፣ ምናልባትም ቫውቸር ሲያስር ነው የከረመው፣ ማን ያውቃል። እኔ ማስታወቂያዋን አጠገቤ አስቀምጬ «ሪኮንስሌሽን» የሚል ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በትርፍ ጊዜው ማንበብ እንደሚወድም ጽፏል። ማስታወቂያ እንደማይጨምር ገብቶኛል።

ከእሱ የሚበልጥም አለ። ይሄኛውስ ማስታወቂያዋን አንብቧል፤ እንዲያውም ከማንበብ አልፎ እንዳለች ገልብጦ «ችሎታዎቼ» ከሚለው ሥር ለጥፏታል። ምንም አልጎደለም፤ «አይኤፍአርኤስ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል» የሚለው ራሱ ከነግሱ ችሎታው ሆኗል። ቃል በቃል የተስማማ ሰው በማግኘታችን ደስ ብሎን ለፈተና ጠራነው።

ፈተናዋ ቀላል ናት። በመዝገባችን ያለው ቀሪ 84,550 ብር፣ በባንኩ ስቴትመንት ላይ ያለው 91,200 ብር። አስታርቅ። አንድ 6,700 ብር ቼክ ጽፈናል፣ ባለቤቱ ገና አልመነዘረውም፤ ባንኩ ደግሞ የአገልግሎት 50 ብር ቆርጧል፣ እኛ አልመዘገብነውም። ቼኩን ከባንኩ፣ ሃምሳ ብሯን ከመዝገቡ ስትቀንስ ሁለቱም 84,500 ላይ ይገናኛሉ። ወንድማችን ግን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አልገባም። ልዩነቱን 6,650 ብር «ልዩ ልዩ ገቢ» ብሎ አስገባና ሁለቱን በደቂቃ አስታረቃቸው።

«ይሄ ገቢ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ከባንክ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ።

የእነዚህን ሰዎች ብልጠት ለማድነቅ ታዲያ ጊዜዋን ስላባከነች አንዲት ልጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ኋላ ስጠይቃት እንደነገረችኝ ማስታወቂያዋን ሁለት ጊዜ አነበበች። መጀመሪያ ሥራዎቹንና የፕሮግራሞቹን ስም አሰመረችባቸው። ግዴታ የሆነውን «ይመረጣል» ከሚለው ለየች። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን «ይሄን የት ሠራሁት?» ብላ መልሱን ጻፈች፤ መልስ ያጣችለትን ተወችው። በዚህች ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ!

የድሮ ሲቪዋ ላይ «የባንክ ሒሳብ አመሳክራለሁ» የሚል ነበር። ያው ሥራ ነው፣ ግን እኛ በምንጠራበት ስም ቀየረችው፦ «የ2 ባንክ ሒሳቦች ወርሃዊ ሪኮንስሌሽን።» ከሥሩ «የ18 ሠራተኞች ፔይሮል፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተሰልቶ» ትላለች። ልምዷ 1 ዓመት ከ8 ወር ነበር፣ እንደዚያው ጻፈችው። ቆጠራ ላይ ድርቅ ያለ ቤት ቢሆን እዚያው ላይ በጣላት ነበር፤ እኛ «ገደማ» ስላልን ተረፈች። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ፒችትሪ ላይ የጻፈችው ነው፦ «የ2 ወር ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሥራ ላይ የተጠቀምኩት ኤክሴል ነው።» አይኤፍአርኤስን ጭራሽ አላነሳችውም። ምን አለበት አንዲት ቃል ጣል ብታደርግ? ማን ይቆጥራታል?

ፈተናው ላይ ያልተመነዘረውን ቼክ አገኘችው። ሃምሳ ብሯ ግን ትንሽ አስቸገረቻት፣ ስቴትመንቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። አሁን ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብላ ተቀምጣ ፒችትሪውን እየተማረች ነው፣ አልፎ አልፎም ስትበሳጭበት ይሰማኛል።

ትናንት ደግሞ የሹፌር ማስታወቂያ አወጣን። ተፈላጊ ችሎታ፦ ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ።

CV_final_final2.pdf ደርሶናል።