«ጡረታ አልፈልግም» ብሎ መፈረም መብት አያስቀርም

«ጅማ ቡና ማበጠሪያ 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ስቀጠር ጡረታ እንዳይቆረጥብኝ ፈርሜያለሁ። እና አንዴ ከፈረምኩ አበቃለት አይደል?»

አላበቃም፣ ወንድሜ። ይህን ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል። የጡረታ መዋጮ ግን በአዋጅ 1268/2014 ግዴታ ነው፤ በፊርማ አይቀርም።

ደመወዝህ 6,000 ብር ነው እንበል። ካንተ 7 በመቶ፣ 420 ብር ይቆረጣል። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 660 ብር ይጨምራል። በወር 1,080 ነው፤ በ36 ወር 38,880 ብር። ያንተን ድርሻ ሳይቆርጥ ከቀረ ደግሞ እሱንም ራሱ ነው የሚከፍለው። ለዚህ ነው ያቺን ወረቀት ያስፈረመህ!

ውልህን፣ መታወቂያህንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ያዝ። ደመወዝ በእጅ ከነበረ የፔሮል ፎቶም ሆነ አብሮህ የሠራ ምስክር ይጠቅማል። ከዚያ ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ አመልክት። የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳለህም እዚያው ጠይቅ።

ብሩ ግን እጅህ አይገባም፤ ለጡረታ ፈንዱ ነው የሚገባው። አንተ የምታገኘው የ3 ዓመት አገልግሎት ነው። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ስለሚያስፈልግ እነዚያን 3 ዓመታት አትናቃቸው።