አሥር ቀን ፈቃድ ሲባል የትኞቹ አሥር ቀናት?

ውጭ አገር በብዙ መሥሪያ ቤቶች የዓመት ፈቃድ የሚጠየቀው በኮምፒውተር ነው። ሠራተኛው የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ቀን ይሞላል፤ ቅዳሜን፣ እሑድንና በዓላትን ቀንሶ ስንት ቀን እንደሚታሰብበት የሚነግረው ፕሮግራሙ ነው። አገር ቤት ግን አሁንም በብዙ ቦታ ማመልከቻ ይጻፋል፤ ቆጠራውም የአመልካቹ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የለመደ ሰው አገር ቤት ሲቀጠር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ ክፍል ማመልከቻውን ሁልጊዜ ዳግም ስለማይቆጥረው፣ በስሕተት የተጻፈው ቀን እንዳለ ከፈቃድ ሒሳቡ ሊቀነስ ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ሕጉ የሚለው «የሥራ ቀን» ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሥራ የማይገባበት የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል በቁጥሩ አይገባም። ይህ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ወሩ በዓል የበዛበት ሲሆን ነው።

የ2018 ዓ.ም. ሚያዝያን እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ሰው ከሰኞ ሚያዝያ 19 ጀምሮ 10 ቀን ይፈልጋል እንበል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ማለትም ከ19 እስከ 22፣ አራት ቀን ይሆናል። ዓርብ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ አይቆጠርም። ቅዳሜና እሑድ ያልፋሉ። ሰኞ 26 አምስተኛው ነው። ማክሰኞ 27 የአርበኞች የድል ቀን ስለሆነ ይዘለላል። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ናቸው። ከዚያ ግንቦት ቅዳሜ ብሎ ይገባል፤ ሰኞ ግንቦት 3 ዘጠነኛው፣ ማክሰኞ ግንቦት 4 ደግሞ አሥረኛው ነው። ወደ ሥራ የሚመለሰው ረቡዕ ግንቦት 5 ነው።

ቆጠራው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከሌላው ጫፍ መምጣት ይበቃል። ከሚያዝያ 19 እስከ ግንቦት 4፣ ሁለቱም ተጨምረው፣ በካላንደር 16 ቀን ነው። ሁለት ቅዳሜ፣ ሁለት እሑድና ሁለት በዓል ሲቀነስ 10 ይቀራል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ጠፍቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋውም የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ቀን ነው።

ይህ 16 ትንሽ ሊያሳስበን ይገባል። ያው ሰው ማመልከቻው ላይ «16 ቀን ፈቃድ» ብሎ ቢጽፍና እንዳለ ቢመዘገብለት፣ የመጀመሪያ ዓመቱ ሙሉ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አለቀ። ቅዳሜና እሑድን ብቻ አውጥቶ በዓላቱን የረሳ ደግሞ ሚያዝያ 30 ላይ ይጨርሳል፤ ዕረፍቱ በስምንት የሥራ ቀን ያበቃና አሥር ይታሰብበታል።

ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀው ቅዳሜ ነው። በርካታ የግል ድርጅቶች ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች ቅዳሜ የሥራ ቀን ነውና ይቆጠራል፤ ግን እንደ ሙሉ ቀን ወይስ እንደ ግማሽ? ከላይ ባየነው ምሳሌ ቅዳሜ እንደ ሙሉ ቀን ከታሰበ፣ አሥሩ ቀን ቅዳሜ ግንቦት 1 ላይ ያልቅና ሰኞ ግንቦት 3 ሥራ ይገባል። እንደ ግማሽ ከታሰበ ሰኞ ግንቦት 3 ያልቅና ማክሰኞ ይገባል። ቅዳሜ ከማይሠራው ጋር ስናነጻጽር በአንድ ዓይነት «አሥር ቀን» ሦስት የተለያዩ መመለሻዎች ወጡ ማለት ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የድርጅቱን የውስጥ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ማየት፣ ካልተጻፈም የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቃል የተሰጠ መልስ ሰው ሲቀየር ይቀየራል።

ጀርመን ውስጥ ይኸው የቅዳሜ ጥያቄ በሕጉ ውስጥ አለ። የፌዴራል የዕረፍት ሕጉ ዝቅተኛውን ፈቃድ 24 ቀን ይላል፤ ሆኖም የቆጠረው ሳምንቱን ስድስት የሥራ ቀን አድርጎ ነው። አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ያ ወደ 20 ይወርዳል፤ በሁለቱም መንገድ አራት ሳምንት ነው። እኛ ዘንድ 16ቱ ቀን ለአምስት ቀን ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ሲሆን፣ ቅዳሜ እንደ ሙሉ ቀን ለሚቆጠርበት ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ከአራት ቀን ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ልዩነት በኅብረት ስምምነት ውስጥ በግልጽ ሊስተካከል የሚገባው ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው በፈቃዱ ላይ ሙሉ ቀን ሊቀነስበት አይገባም።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው በሕግ 28 ቀን አለው፤ አሠሪው ግን የሕዝብ በዓላቱን ከዚያ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል። እዚያ የለመደ ሰው አገር ቤት ሲመጣ በዓሉን ራሱ ከፈቃዱ ላይ ይቀንሳል፤ ያለ ምክንያት ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣ ሌላም ልማድ አለ፤ በዓል ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል ምትኩ ሰኞ ይሰጣል። እኛ ዘንድ እሑድ የዋለ በዓል በሰኞ አይተካም። በ2018 ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 4 ነበር፤ ማግስቱ ሰኞ 5 ተራ የሥራ ቀን ነው። ከፋሲካ ጋር አብሮ የሚቀነሰው ዓርብ ሚያዝያ 2 የዋለው ስቅለት ነው።

አገር ቤት ባሉ የውጭ ድርጅቶችም ኮምፒውተሩን ማመን ሁልጊዜ አያዋጣም። ፕሮግራሙ የዋናውን መሥሪያ ቤት አገር በዓላት ይዞ ሊሆን ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ሚያዝያ 27ን የሚጨምር የሙከራ ጥያቄ ሞልቶ ሳይልኩ ቁጥሩን ማየት። ቀኑን ከቆጠረው የአገራችን በዓላት አልገቡበትም።

ማመልከቻው ላይ አራት ነገር መኖር አለበት፤ የሥራ ቀናቱ ብዛት፣ የመጀመሪያው ቀን፣ የመጨረሻው ቀንና የመመለሻው ቀን። ለምሳሌው እንዲህ ይሆናል፦

«ካለኝ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ላይ 10 (አሥር) የሥራ ቀናት፣ ከሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁለቱን ቀናት ጨምሮ፣ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሚያዝያ 23 እና 27 የሕዝብ በዓላት በመሆናቸው፣ ቅዳሜና እሑድም የሥራ ቀን ባለመሆናቸው በቁጥሩ አልተካተቱም። ረቡዕ ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።»

የዕለቱን ስም ከቀኑ ጋር መጻፍ ትርፍ ነገር አይደለም። ቀኑ ከፈረንጅ ካላንደር ሲገለበጥ በአንድ ቢዛነፍ፣ ዕለቱና ቁጥሩ አለመግጠማቸው ወዲያው ያሳያል።

በፈቃዱ መካከል ዒድ አል ፈጥር፣ ዐረፋ ወይም መውሊድ የሚገኝ ከሆነ፣ በተለይ ዒድ አል ፈጥር ጨረቃ ታይታ ስለሚወሰን፣ ማመልከቻው በሚጻፍበት ጊዜ ቀኑ ገና ላይረጋገጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሥራ ቀናቱን ብዛት አጽንቶ፣ «በዓሉ ከተጠቀሰው ቀን ውጭ ከዋለ የመመለሻ ቀኔ በዚያው መሠረት እንዲስተካከል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል። በዓሉ የሥራ ቀን ይውላል ተብሎ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ከዋለ መመለሻው በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ከቅዳሜና እሑድ ወደ ሥራ ቀን ከተሻገረ ደግሞ በአንድ ቀን ይዘገያል።