በአምስት ሳንቲም የቫት ደረሰኝ መመለስ ይብቃ!

እባካችሁ፣ የየዕቃው ቫት ሲደመር ከታች ከተጻፈው ጠቅላላ ቫት በሳንቲም ስለተለየ ብቻ ደረሰኝ አትመልሱ! ሻጩ ይመላለሳል፣ ክፍያው ይዘገያል፣ በወር መጨረሻ ደግሞ ሁሉም ይሯሯጣል። የጠፋ ገንዘብ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ 33.30 ብር የሆነ ዕቃ በ10 መስመር ተጽፏል እንበል። የአንዱ 15 በመቶ 4.995 ነው፤ ሲጠጋጋ 5.00 ይሆናል፤ አሥሩ ሲደመር 50.00። ሻጩ ግን ቫቱን ያሰላው በጠቅላላው 333.00 ብር ላይ ስለሆነ 49.95 ጽፏል። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። አንዱ እየሄደ አጠጋጋ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ።

ኤክሴል ላይ ደግሞ ይብሳል። ሴሉ 5.00 ያሳያችኋል እንጂ ውስጡ ያለው 4.995 ነው፤ ድምሩም 49.95 ይወጣና "ኤክሴል መደመር አቃተው" ይባላል! ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ማጠጋጋት አይደለም። በየመስመሩ ማጠጋጋት ከፈለጋችሁ፣ የዕቃው ዋጋ C2 ላይ ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=ROUND(C2*15%,2)
```

ልዩነቱ የማጠጋጋት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ መስመር ሲጠጋጋ ከግማሽ ሳንቲም በላይ ሊያዛባ አይችልም። ስለዚህ የመስመሩን ብዛት በ0.005 አባዙ፣ ለጠቅላላው ማጠጋጋት አንድ ግማሽ ሳንቲም ጨምሩ። ገደቡ ይህ ነው፤ ለ10 መስመር 5.5 ሳንቲም ይሆናል፤ የእኛ 5 ሳንቲም ከዚያ አያልፍም። ለሁሉም ደረሰኝ "እስከ 1 ብር እንለፈው" የሚል ደንብ ያወጣችሁ ግን በጣም ተሳስታችኋል፤ በሦስት መስመር ደረሰኝ ላይ የ80 ሳንቲም ልዩነት የማጠጋጋት ሊሆን በፍጹም አይችልም።

ከገደቡ ካለፈ ልዩነቱን ለ0.15 አካፍሉት። ከታች 45.00 ተጽፎ የመስመሮቹ ድምር 50.00 ቢሆን ልዩነቱ 5.00 ነው፤ ሲካፈል 33.33 ይመጣል። ከ33.30 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ አንድ ዕቃ ቫት ሳይሰላበት አልፏል ማለት ነው። ይህን ደረሰኝ መልሱት፣ ትክክል ናችሁ።

በገደቡ ውስጥ ያለውን ግን መዝግቡት። በግብዓት ታክስ የሚገባው ደረሰኙ ላይ የተጻፈው 49.95 ነው፤ ግዢ 333.00፣ ተከፋይ 382.95። ሶፍትዌሩ ከየመስመሩ 50.00 ካወጣ አምስቷን ሳንቲም ከአንድ መስመር ቫት ላይ ቀንሱ፤ ዋጋቸው የተለያየ ከሆነ ከትልቁ ላይ። የቫቱን ሂሳብ 50.00 ላይ ትታችሁ ልዩነቱን "ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ አትደብቁት! እንዲያ ካደረጋችሁ መዝገባችሁ ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም፤ የወሩ የቫት ማስታወቂያ ሲሞላ ያቺው አምስት ሳንቲም ተመልሳ ትመጣለች፣ ያኔ ደግሞ ከየትኛው ደረሰኝ እንደመጣች የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።