ፈንዳችሁን ለአራጣ አበዳሪ አታስረክቡ

እናንተ የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢትና የመሐል ሜዳ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። ከሃያ ዓመት በላይ የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ በእጄ አልፏል። ገና "በግል ጉዳዬ ምክንያት" የሚለውን ሳነብ ነገሩ ይገባኝ ነበር። የግል ጉዳይ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ ነው። ሰውየው ሥራውን ጠልቶ አይደለም የሚለቀው፤ ካልለቀቀ ፕሮቪደንት ፈንዱ እጁ ስለማይገባ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፤ በዚህ ላይ ስንት ሰው ተሳስቶ ሲመለስ አይቻለሁ። ከደመወዛችሁ 7 ከመቶ እየተቆረጠ፣ አሠሪው 11 ከመቶ እየጨመረበት ለጡረታ የሚገባው መዋጮ ስትፈልጉ የምታወጡት የባንክ ሒሳብ አይደለም። "መዋጮዬን መልሱልኝ፣ ዕዳ አለብኝ" ብሎ የመጣ ሁሉ ባዶ እጁን ተመልሷል። ፕሮቪደንት ፈንድ ግን ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሲወጣ፣ ቀድሞ ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች ከፈለጉ በዚያው እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። የፈንድ ገንዘብ በየሠራተኛው ስም ይጠራቀማል፤ ሥራ ሲለቀቅ ተደምሮ ይከፈላል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ገንዘቡን ለማግኘት ደመወዙን መተው ግድ ይላል።

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ድርጅቱንም አልጠራም። ዕድሜው 49፣ አገልግሎቱ 20 ዓመት፣ ደመወዙ 8,400 ብር። ልጁን በደላላ በኩል ወደ ውጭ ለመላክ ከአንድ ሰው 60,000 ብር በወር 10 ከመቶ ተበደረ። በወር 6,000 ብር ወለድ ማለት ነው፤ ከደመወዙ ላይ ይህን ከፍሎ የሚተርፈው 2,400 ብር፣ ለእሱ፣ ለሚስቱና ለሦስት ልጆች። አልተከፈለም። ወረቀቱም ሲጻፍ 60,000 አልተባለም። የዓመቱ ወለድ 72,000 ብር ከዋናው ጋር ተደምሮ "132,000 ብር ተበድሬ በአንድ ዓመት ልመልስ" ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ሁለት ምስክርም ፈርሞበታል። አራጣ ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ወለድ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አታገኙም።

ዓመቱ ሲሞላ አበዳሪው ምን አለው መሰላችሁ? "ሥራህን ልቀቅና ፈንድህን አውጣ፤ ሰው እንዳይሰማብህ።" ምክሩን የሰጠው ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ራሱ ነው! ሰውየው ለሚስቱ እንኳ ሳይነግራት ማመልከቻውን ጻፈ። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ፣ ክሊራንሱን አስፈርሞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ክረምት ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ባናውን ከኮቱ በላይ ደርቦ ነበር የመጣው። ሒሳቡን ሠራሁለት፤ 186,000 ብር ሆነ። ቁጥሩን ሳሳየው ፊቱ በራ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ። ሥራዬ ማስላት ነው ብዬ።

እስቲ ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበላችሁ።

186,000 ብሩ የተከፈለበት ዋጋ 186,000 ብር አይደለም። በዚያ ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 5 ከመቶ ያስቀምጣል፣ አሠሪው 10 ከመቶ ይጨምርበታል። በ8,400 ብር ላይ ሲሰላ በወር 420 እና 840፣ በድምሩ 1,260 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ 11 ዓመት፣ ማለትም 132 ወር ይቀረው ነበር። ደመወዙ አንድ ሳንቲም ሳይጨመር ቢቀር እንኳ ሌላ 166,320 ብር ይጠራቀምለት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 110,880 ብሩ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው። ይህን ማንም አልቀማውም፤ ፈርሞ ተወው። ዋናውን ነገር፣ የወር ደመወዙን፣ ገና አልቆጠርኩም። በ49 ዓመት ሌላ ቋሚ ሥራ ማግኘት ምን እንደሆነ ፈልጎ ያየ ያውቀዋል።

በጡረታ መዋጮ ውስጥ ያላችሁም "እኛን አይመለከተንም" አትበሉ፤ የስንብት ክፍያ ለማግኘት ብላችሁ ሥራ ስትለቁ ያንኑ ታደርጋላችሁ። ጡረታ የሚሰላው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። በ20 ዓመት አገልግሎት የቆመ ሰው 42.5 ከመቶ ይደርሰዋል። 31 ዓመት ያገለገለ 56.25 ከመቶ። በ8,400 ብር ካሰባችሁት አንዱ በወር 3,570፣ ሌላው 4,725 ብር ነው። ከመቶኛው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን "የመጨረሻው ሦስት ዓመት" የሚለው ነው። ዛሬ የለቀቀ ሰው አበሉ የሚሰላው በዛሬው ደመወዝ ነው፤ ጤፍ የሚገዛው ግን ከ11 ዓመት በኋላ ባለው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ፤ ሰው ፈንዱን ሲቆጥር ዕዳውን አይቆጥርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰብ ብድር ላይ በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ መስማማትን አይፈቅድም። በወንጀል ሕጉም አራጣ ያስቀጣል፣ አንቀጽ 712ን ተመልከቱ። 60,000 ብር በዓመት 12 ከመቶ ሲታሰብ ወለዱ 7,200 ብር ነው፤ ዕዳው 67,200 ብር ይሆናል። አበዳሪው የጠየቀው 132,000 ነበር። ልዩነቱ 64,800 ብር፣ ያ ሰው አራት ዓመት ከሦስት ወር ያህል በፈንዱ የሚጠራቀምለት የአሠሪም የራሱም መዋጮ አንድ ላይ ነው፤ 64,800ን ለ1,260 ብታካፍሉት 51 ወር ከምናምን ይመጣል።

"ወረቀቱ 132,000 ይላል፣ እኔም ፈርሜያለሁ" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ፈርሞ ከሰጡት ወረቀት ጋር መሟገት ከባድ ነው። ያ ሰው ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ገንዘቡ በባንክ ነበር የገባለት፣ ደረሰኙም 60,000 ይላል። ያንን ደረሰኝ ለጠበቃ ቢያሳይ፣ ወይም ሽማግሌ ይዞ አበዳሪው ቤት ቢሄድ ንግግሩ ሌላ በሆነ ነበር። አራጣ አበዳሪ ፍርድ ቤት በር መቆም የሚወድ አይምሰላችሁ፤ የሚጮኸው ሰፈር ውስጥ ነው።

ተከሶ ተፈርዶበትስ ቢሆን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የ8,400 ብር ሲሶ 2,800 ነው። 67,200 ብር በ2,800 ሲከፈል 24 ወር ይፈጃል። የዳኝነት ወጪና የቀሪው ጊዜ ወለድ ሲታከልበት ጥቂት ወራት ይረዝማል እንበል። ሁለት ዓመት ከምናምን ጠበብ ብሎ መኖር ነበር፤ ሥራውም ፈንዱም ባሉበት ይቆዩ ነበር። የጡረታ አበል ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ እንደ መንግሥት ግብርና እንደ ቀለብ ያለ በሕግ የተለየ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር የግል አበዳሪ በዕዳ አያስይዘውም። ሕጉ ያጠረላችሁን አጥር እናንተ ራሳችሁ ለምን ታፈርሳላችሁ? ገንዘቡ ወጥቶ ኪሳችሁ ከገባ በኋላ እኮ ማንም ይደርስበታል፤ አበዳሪውም፣ ወንድምም፣ ጎረቤትም።

ፈጽሞ አትንኩት ማለቴ አይደለም። 60 ዓመት ሞልቷችሁ በወጉ ከተሰናበታችሁ፣ ፈንዱም እጃችሁ ላይ ካለ፣ የባንክ ዕዳ ይዞ መቀመጥ ሞኝነት ነው። ባንኩ 17 ከመቶ እያስከፈላችሁ እናንተ በቁጠባ 7 ከመቶ ብታገኙ፣ በ50,000 ብር ላይ 8,500 ከፍላችሁ 3,500 ትቀበላላችሁ፤ በዓመት 5,000 ብር ኪሳራ ነው፣ ዝጉት። በሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከመልቀቂያ በፊት የፈንዱን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቃችሁ አንብቡ። አባል ካጠራቀመው ላይ ተበድሮ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲመልስ የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ። እኔ በሠራሁበት ቤት ያ አንቀጽ ነበረ። ደንቡ ከካዝናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ስንቱ ለቅቆ ሄደ።

የመጋዘኑ ሰው 132,000ውን ከፈለ። 54,000 ብር ተረፈው፤ ከመንዝ በግ እያመጣ ሊነግድ ሞከረ፣ ሁለት ክረምት አልዘለቀም። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው ከጎረቤት ነው። አሁን አንድ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ነው። በወሩ መጀመሪያ አበሌን ለመቀበል ስሄድ ከሕንፃው በር ላይ አገኘዋለሁ፣ ያችኑ ባና ደርቦ። "ጋሼ፣ ዛሬ ሰልፉ ረጅም ነው?" ይለኛል። ከእኔ በአራት ዓመት ነው የሚያንሰው።