ለ«ዋው» ሊቅ የቀረበ ውዳሴ

በአገሩ ያልተከበረ ጥበበኛ ፈልጉ ብትሉኝ ሩቅ አልሄድም፤ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ያየሁትን፣ የሰው ሥራ እያየ ስሜቱን በቪዲዮ የሚያሳይ የሪአክሽን ባለሙያ አሳያችኋለሁ። የአራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የትዝታ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተልን። እርሱ በማያ ገጹ ጥግ በክብ መስኮት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። በመካከሉ ሦስት ጊዜ አቆመው። በመጀመሪያው «ዋው!» አለ። በሁለተኛው «በስመ አብ!» ብሎ ደረቱን ያዘ። ሦስተኛውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይነገርም።

አንድ ወረቀት እንኳን ሳይጽፍ ነው ይህን ሁሉ የሠራው። ጽሑፍ ስሜትን ያቀዘቅዛል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምሰማው» ያለውን ዘፈን ግጥሙን ከዘፋኙ ቀድሞ በከንፈሩ ሲለው ሳይ ግን ነገሩ ከችሎታም አልፎ ትንቢት መሆኑ ገባኝ።

በዚያው ዘፈን ላይ ቪዲዮ የሠራ አንድ ሌላ ወጣት አለ፤ ምስኪን ሥራ ፈት። እንደምንም ብሎ ጽሑፍ አዘጋጅቷል፤ ያውም ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት። መጀመሪያ የሚለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈረ፦ «ይህ ዘፈን የሚያስለቅሰው በግጥሙ አይደለም፤ በመካከሉ ቅኝቱ ስለሚለወጥ ነው።» ከዚያ ከአራቱ ደቂቃ ውስጥ ይህን የሚያሳዩትን አሥራ አራት ሰከንዶች ብቻ ቆርጦ አወጣ። የቀረውን ዘፈን ምን አደረገው? ተወው! ሰው ከቀረበለት ማዕድ አንድ ጉርሻ ብቻ ያነሣል?

አሥራ አራቱን ሰከንዶች አሰማንና ማብራራት ጀመረ። ዘፈኑ የሚጀምረው ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ነው። ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ ላይ ወደ ትዝታ ማይነር ይዞራል፤ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፣ ሦስቱ ባሉበት ይቆያሉ። ለዚህ ነው ሰሚው ዜማው ያው እየመሰለው ሆዱ የሚባባው። ይኸው እንግዲህ፣ የገዛ እንባችንን ምክንያት ነግሮ አዋረደን።

በዚህ ቢያበቃ በተሻለ። «ክራሩን አዳምጡት» አለ። ለውጡ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ክራሩ ዝም ይላል፤ ዜማውን ኪቦርዱ ይረከባል። ክራር በአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ስለሚገባ፣ ሁለቱን ክሮች በዘፈኑ መካከል ማርገብ ለደርዳሪው አይመችም። «ዝምታው እንዲሁ ለማሳመር የገባ ቢሆንስ?» ብሎ ደግሞ ራሱን ይጠይቃል፤ ማንም ሳይከሰው! ከዚያም ካወጣቸው ሰከንዶች የመጨረሻዎቹን መልሶ አሰማን፤ ክራሩ የተመለሰው ዜማው ወደ ሜጀር በተመለሰበት ቦታ ላይ ነው። ክራሩ በማይነሩ መካከል ቢገባ ኖሮ ግምቴ ይፈርስ ነበር አለ። ሊቃችን «ዋው» ካለ በኋላ ዋውታው የሚፈርስበትን ሁኔታ ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ ጽኑ ነው።

ሁለቱን መዘንኋቸው። ዘፈኑን ከሁለቱም ቪዲዮዎች አውጥቼ ንግግራቸውን ብቻ አዳመጥሁ። የወጣቱ ትምህርት ያለ ዘፈኑም ቆሞ ይሄዳል። የሊቃችን ግን አርባ ሰከንድ የሚሆን ንጹሕ ትንፋሽ ቀረ፤ እንደ ነጠረ ቅቤ።

ባሕር ማዶ ግን ይህ ጥበብ ምቀኛ አላጣም። በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒው ዮርክ ላይ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ኢታን እና ሂላ ክላይን የተባሉ ባልና ሚስት በቅጂ መብት የተከሰሱበትን ጉዳይ ተመለከተ። አምስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ከሆነው የሰው ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሰከንድ ወስደዋል፤ ሆኖም አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ በሚሆነው ሥራቸው ውስጥ እየቆራረጡ ስለተቹበት ተፈቀደላቸው። ዳኛዋ ግን በዚያው ውሳኔ ሪአክሽን ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ጻፉ፤ አንዳንዱ ያለ ትችት በኅብረት ከመመልከት አይለይም አሉ። እንደ ነውር! በኅብረት ማየትን እኛ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ጀምሮ የኖርንበት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ባለቴሌቪዥኑ ቡና ያፈላልን ነበር።

ሦስተኛውን ልነግራችሁ ቃል ገብቻለሁ። ሊቃችን ዘፈኑን ያቆመው ሁለት ደቂቃ ከሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ላይ ነው። ክራሩ ዝም ብሏል፤ ኪቦርዱ ብቻውን ቀርቷል፤ ለለውጡ ሁለት ሰከንድ ይቀራል። እርሱም ውኃ ተጎነጨ፤ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» አለ፤ ሊያስቀጥል ሲል ጣቱ ስቶ ዘፈኑን አሥር ሰከንድ ወደ ፊት አስፈነጠረው። ዘፋኙ ቀድሞ ማይነር ውስጥ ገብቶ እያለቀሰ ነበር።

«ዋው!» አለ።